ከአንድ የሳይንስ ንባብ መጽሐፍ ወደ ፊዚክስ፦ ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ እስከ ሥሩ መውረድ

«አንድ ስለ ጠፈርና ስለ ብላክ ሆል የሚያወራ መጽሐፍ አንብቤ ጨረስኩ፣ በጣም ወደድኩት፤ አሁን ፊዚክስ በደንብ መማር እፈልጋለሁ፣ ቀጥሎ ምን ላንብብ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ልጆቿን ያሳደገች እናት አለች። መልሴ ግን ለሁሉም አንድ ነው፦ ሁለተኛ መጽሐፍ ገና አትግዙ። ካነበባችሁት መጽሐፍ ውስጥ ቁጥር ያለበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጡና ያንን ቁጥር ራሳችሁ በገዛ እጃችሁ እስክታወጡት ድረስ ወደ ታች ውረዱ። ከዚህ በታች አንዱን ምሳሌ ከላይ እስከ ታች እሠራዋለሁ። እናንተም ደብተር ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያነበባችሁት መጽሐፍ
- ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ
- አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን የማይለጠጥ ክር። የጥጥ ሲባጎ ጥሩ ነው። ናይለን ግን ዕቃ ሲንጠለጠልበት ስለሚረዝም ይቅር።
- አንድ ከበድ ያለ ዳዶ። የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ በነጠላ ይሸጣል።
- የልብስ ሰፊ ሜትር ወይም የአናጢ ሜትር፣ ሁለት ማስመሪያ፣ ጥቂት ከባድ መጻሕፍት
- የሩጫ ሰዓትና ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ያለው ስልክ
- የ9ኛ እና የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ

የመጨረሻዎቹን ለመግዛት አትጨነቁ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም ወመዘክር ገብቶ ማንበብ ይቻላል፤ የራሴ ይሁን የሚል የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ይጠይቅ። የቆየ እትም ቢሆንም ግድ የለም፤ የምንፈልጋቸው ሕጎች አልተለወጡም።

ደረጃ 1፦ ዓረፍተ ነገሩን ምረጡ

ጥሩ ዓረፍተ ነገር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም ከሌሎች ቁጥሮች ተሰልቶ የሚወጣ ነው። «ጊዜ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል» የሚለው ያምራል፣ ግን የሚሰላ ነገር የለበትም፤ ስህተት ቢሆን እንኳ በምን ታውቃላችሁ? እኔ የምሠራው ይህን ነው፦ «መሬትን ራዲየሷ 9 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን ድረስ መጭመቅ ቢቻል ብላክ ሆል ትሆን ነበር።» ይህ ቁጥር ስለ ብላክ ሆል በሚያወሩ ብዙ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ያነበባችሁት መጽሐፍ የሥነ ሕይወት ከሆነ «በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ይሆናል» የሚለው ለዚሁ ሥራ ይመቻል። የሒሳብ ከሆነ ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ማረጋገጫ ያለው ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ «ከራሳቸውና ከአንድ በቀር የማይካፈሉ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም» ጥሩ መነሻ ነው። አወራረዱ ተመሳሳይ ስለሆነ ከዚህ በኋላ በፊዚክሱ እቀጥላለሁ።

ደረጃ 2፦ የጥያቄ መሰላል ሥሩ

ዓረፍተ ነገሩን ከገጹ አናት ላይ ጻፉት። ከሥሩ «ይህን ለማወቅ ምን ማወቅ አለብኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉና በመልሱም ላይ እንደገና ጠይቁ። የእኛ መሰላል እንዲህ ይወርዳል፦

9 ሚሊሜትር ከየት መጣ? ከብላክ ሆል ብርሃን እንኳ አያመልጥም፤ ስለዚህ የማምለጫ ፍጥነት ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። የማምለጫ ፍጥነት በምን ይወሰናል? በመሬት መጠነ ቁስና ከመሐሏ ባለን ርቀት። የመሬትን መጠነ ቁስ ማን መዘነው? ከስበት ሽምጠጣው፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ ከሚጨምርበት መጠን፣ ይሰላል። የስበት ሽምጠጣስ? እሱን ቤቴ ውስጥ ልለካው እችላለሁ።

በእጅ የሚነካ ነገር ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ይህ ደረጃ የሚጠቅመው ሳታውቁት የምትዘሉትን ነገር ስለሚያሳያችሁ ነው። የንባብ መጽሐፍ ከ9 ሚሊሜትሩ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ጋላክሲዎች ይወስዳል፤ እኛ ወደ ታች እየወረድን ነው። ከዚህ በኋላ ከታች ወደ ላይ እየሠራን እንመለሳለን።

ደረጃ 3፦ የስበት ሽምጠጣን ለኩ

ዳዶውን በክሩ ጫፍ እሰሩ። የክሩን ሌላ ጫፍ በሁለቱ ማስመሪያዎች መሐል አጣብቁት። ማስመሪያዎቹን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጡና ጫፋቸው ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጋችሁ ከላይ መጻሕፍቱን ጫኑባቸው። ክሩን ሚስማር ላይ መጠምጠም አይሆንም፤ ሲወዛወዝ ሚስማሩን ስለሚዞረው ርዝመቱ ይለዋወጣል። ዳዶው ከተንጠለጠለ በኋላ ከማስመሪያዎቹ የታች ጠርዝ እስከ ዳዶው መሐል ድረስ 100 ሴንቲሜትር እንዲሆን አስተካክሉ።

ዳዶውን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ወደ ጎን ስባችሁ ልቀቁት። ሄዶ ወደ ተነሣበት ሲመለስ አንድ ውዝዋዜ ነው። ሰዓቱን ስታስጀምሩ «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩ፤ «ሃያ» ስትሉ አቁሙት። በረንዳ ላይ ሳይሆን ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሥሩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ።

ሃያ ውዝዋዜ የምንቆጥረው ለምንድን ነው? ጣታችን ሰዓቱን ሲያስነሣና ሲያቆም ወደ 0.2 ሰከንድ ሊሳሳት ይችላል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ብንለካ ከ2 ሰከንድ ላይ 0.2 ትልቅ ስህተት ነው፤ ከ40 ሰከንድ ላይ ግን ግማሽ በመቶ ብቻ ይሆናል።

20 ውዝዋዜ 40.2 ሰከንድ ፈጀ እንበል። የአንዱ ጊዜ T = 2.01 ሰከንድ ነው። g የስበት ሽምጠጣው፣ L የክሩ ርዝመት ሲሆኑ ቀመሩ ይህ ነው፦

g = 4π²L / T²

4π² ወደ 39.48 ይሆናል፤ L = 1 ሜትር፤ T² = 4.04። ስለዚህ g = 9.77 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። መማሪያ መጽሐፉ ላይ 9.8 ወይም 9.81 ታገኙ ይሆናል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗም በላይ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የእኛ ቁጥር በትክክልም ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ሆኖም በክርና በስልክ የምንለካው መለኪያ አንድ በመቶ ያህል ሊዋዥቅ ስለሚችል 9.7 ወይም 9.85 ብታገኙ ጥሩ ለክታችኋል።

የወጣው ቁጥር ከዚህ ሲርቅ ስህተቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራል።

- 39 አካባቢ ከወጣ መሄዱን አንድ፣ መመለሱን ሌላ አድርጋችሁ ቆጥራችኋል።
- 10.8 አካባቢ ከወጣ ከ«ዜሮ» ሳይሆን ከ«አንድ» ጀምራችኋል፤ የለካችሁት የ19 ውዝዋዜ ጊዜ ነው።
- 9.5 አካባቢ ከወጣ የክሩን ርዝመት እስከ ዳዶው መሐል ሳይሆን እስከ ቋጠሮው ሳትለኩ አልቀራችሁም። ሦስት ሴንቲሜትር መጉደል ብቻ ቁጥሩን ወደዚህ ያወርደዋል።
- 9.0 አካባቢ ከወጣ ዳዶውን በጣም ርቃችሁ ለቃችሁታል። ቀመሩ የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ነው፤ በ45 ዲግሪ ሲለቀቅ ውዝዋዜው 4 በመቶ ያህል ይዘገያል።

የፔንዱለሙ ቀመር ራሱ ከየት እንደመጣ አላሳየሁም። ያልገባችሁን ነገር ስትጠቀሙ ደብተራችሁ ዳር ላይ ኮከብ አድርጉበት። ኮከቦቹ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያስፈልጉናል።

ደረጃ 4፦ መሬትን መዝኑ

የስበት ሕግ እንዲህ ይላል፦ ሁለት ነገሮች የሚሳሳቡበት ኃይል በመጠነ ቁሶቻቸው ብዜት ያድጋል፣ በርቀታቸው ስኩዌር ደግሞ ይቀንሳል። ዳዶው m፣ መሬት M፣ ከመሬት መሐል ያለን ርቀት R ከሆነ ዳዶውን የሚስበው ኃይል GMm/R² ነው። ይኸው ኃይል mg መሆኑን ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ታውቃላችሁ። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ m ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ ዳዶው ከባድም ይሁን ቀላል ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው። የቀረው፦

M = gR² / G

G የስበት ቋሚ ቁጥር ሲሆን 6.67 × 10⁻¹¹ ነው፤ ይህም ከሌላ ሰው ልኬት የተዋስነው ስለሆነ ኮከብ ይደረግበት። R = 6.38 × 10⁶ ሜትር ውሰዱ፤ መሬት በምድር ወገብ አካባቢ ትንሽ ስለምታብጥ ለአዲስ አበባ ከአማካዩ ይልቅ ይህ ይቀርባል። ስናሰላው M = 5.96 × 10²⁴ ኪሎግራም ይመጣል። በመማሪያ መጽሐፍ የሚታተመው 5.97 × 10²⁴ ነው። በዳዶና በሲባጎ ይህን ያህል መቅረብ ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከለው ካልኩሌተሩ ላይ ነው። መልሳችሁ 5.96 × 10¹⁸ ከሆነ ራዲየሱን በኪሎሜትር አስገብታችኋል። 5.96 × 10²⁶ ከሆነ ደግሞ የ«EXP» ቁልፍን ከመጫናችሁ በፊት 10 ጨምራችኋል፤ ቁልፉ ራሱ «ሲባዛ በ10» ማለት ስለሆነ የሚጻፈው 6.38 EXP 6 ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ የማምለጫ ፍጥነት፤ እዚህ ጋ ቀስ በሉ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ከንባብ ወደ እውነተኛ ፊዚክስ የምትሻገሩት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኪሎግራም ዕቃ ከመሬት ተነሥቶ እስከ መጨረሻው እንዲርቅ ምን ያህል ኢነርጂ ይፈልጋል? ኃይሉ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ኃይልን በርቀት ማባዛት ብቻ ነው። ችግሩ ዕቃው በራቀ ቁጥር ስበቱ እየላላ መሄዱ ነው። ስለዚህ መንገዱን እንከፋፍለዋለን።

ለመሞከር ያህል ከመሬት ገጽ ተነሥተን አንድ የመሬት ራዲየስ ያህል ከፍ እንበል፤ ማለትም ከመሐል ከ R እስከ 2R። መንገዱን በአራት እኩል ክፍል ቆርጠን ለየክፍሉ የመነሻውን ኃይል ብንጠቀም ድምሩ 37.6 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ ይህ ይበዛል፣ ምክንያቱም መነሻው ላይ ስበቱ ይበረታል። የመድረሻውን ኃይል ብንጠቀም 25.9 ሚሊዮን ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ያንሳል። እውነተኛው መልስ ከሁለቱ መሐል አለ። ሁለቱንም ራሳችሁ ደብተር ላይ ሥሯቸው፤ የየክፍሉ ርዝመት 1,595,000 ሜትር ነው። መንገዱን በስምንት ብትቆርጡት ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀራረቡ ታያላችሁ።

አሁን የሚገርመው ነገር ይመጣል። ለአንድ ክፍል፣ ከ r₁ እስከ r₂፣ የመነሻውን GMm/r₁² ወይም የመድረሻውን GMm/r₂² ከመውሰድ ይልቅ በመሐል ያለውን GMm/(r₁r₂) እንውሰድ። በርቀቱ (r₂ − r₁) ስናባዛው እንዲህ ይሆናል፦

GMm/r₁ − GMm/r₂

የሚቀጥለው ክፍል GMm/r₂ − GMm/r₃ ይሰጣል፤ ከዚያ የሚቀጥለው GMm/r₃ − GMm/r₄። ሁሉንም ስትደምሩ በመሐል ያሉት በሙሉ ይጠፋፋሉ፤ የአንዱ ተቀናሽ የሌላው ተደማሪ ነውና። የሚቀሩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ናቸው። መንገዱን በአራት ቁረጡት በሚሊዮን፣ መልሱ አይለወጥም፤ ከ R እስከ 2R 31.2 ሚሊዮን ጁል ነው። መጨረሻው በጣም፣ በጣም ሩቅ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ክፍልፋይ ወደ ዜሮ ይጠጋና የሚያስፈልገው ኢነርጂ በአጠቃላይ GMm/R ይሆናል። ካልኩለስ ሳታውቁ የካልኩለስን ሥራ ሠራችሁ ማለት ነው። ይህን አንቀጽ መጽሐፉን ዘግታችሁ በባዶ ወረቀት ላይ መድገም እስክትችሉ ድረስ ወደ ደረጃ 6 አትለፉ።

የሚወረወር ዕቃ ያለው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ½mv² ነው። ለማምለጥ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ m እንደገና ይሰረዛል፦

v² = 2GM / R

GM/R ለእኛ 62.3 ሚሊዮን ነው። ሁለት እጥፉ 124.6 ሚሊዮን፤ ዳግም ዘሩ 11,160 አካባቢ። ከመሬት ለማምለጥ በሰከንድ 11.2 ኪሎሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ስሌት የአየርን ሰበቃ አይጨምርም፤ ሮኬትም እንደ ድንጋይ አንዴ ተወርውሮ ሳይሆን እየገፋ ነው የሚሄደው። ቁጥሩ የሚነግረን አንዴ ተወርውሮ ከዚያ ወዲያ ሳይገፋ ለሚሄድ ዕቃ ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመለሱ

አሁን ጥያቄውን ገልብጡት። M ሳይለወጥ R ቢያንስ v ይጨምራል። v የብርሃን ፍጥነት c እስኪሆን ድረስ R ምን ያህል መሆን አለበት?

R = 2GM / c²

c = 3 × 10⁸ ሜትር በሰከንድ ነው። በእኛ M ስናሰላው R = 0.0088 ሜትር፣ ማለትም 8.8 ሚሊሜትር። መጽሐፉ «9 ሚሊሜትር ገደማ» ያለው ይኸው ነው፤ አሁን ቁጥሩ ከራሳችሁ ሲባጎ ተነሥቶ የደረሳችሁበት ሆነ።

ማስጠንቀቂያ፦ መልሱ ትክክል ነው፣ መንገዱ ግን እዚህ የመጨረሻው እርምጃ ላይ ትክክል አይደለም። ብርሃን ½mv² በሚለው አይገዛም፤ መጠነ ቁስም የለውም። በዚህ ስሌት የተወረወረ ነገር ትንሽ ወጣ ብሎ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል፤ እውነተኛ ብላክ ሆል ግን ከዚያ ወሰን ውስጥ ምንም ነገር ወደ ውጭ አንዲት እርምጃ እንኳ እንዲራመድ አይፈቅድም። ትክክለኛው አወጣጥ በአጠቃላይ ሪላቲቪቲ በኩል ነው፤ ካርል ሽቫርዝሽልድ በ1916 ያሳተመው መፍትሔ ይኸንኑ 2GM/c² ሰጠ። የሁለቱ ቀመሮች መገጣጠም «ሪላቲቪቲ ገባኝ» ለማለት አያበቃም። እዚህም ላይ ትልቅ ኮከብ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ቀጣዩን መጽሐፍ በኮከቦቹ ምረጡ

ደብተራችሁ ላይ አሁን ቢያንስ ሦስት ኮከቦች አሉ፤ ሦስቱም ወደ ተለያየ ቦታ ይወስዳሉ።

የፔንዱለሙ ቀመር ወደ ካልኩለስ ይወስዳል። የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የካልኩለስ መግቢያ አለ፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት መካኒክስ ውስጥ ስለ ውዝዋዜ ያለውን ምዕራፍ ያዙ። G ወደ ልኬት ፊዚክስ ይወስዳል፤ ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 በእርሳስ ኳሶች መካከል ያለውን ደካማ ስበት እንዴት እንደለካ ፈልጋችሁ አንብቡ። ሦስተኛው ወደ ሪላቲቪቲ ይወስዳል።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን አስቀድሙ። ሪላቲቪቲ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያለ ካልኩለስ የሚያዘው እንደገና ምሳሌ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ካነበባችሁት የንባብ መጽሐፍ አያልፍም።

በመሐሉ የሚታዩ ስህተቶች

መማሪያ መጽሐፍን እንደ ልብ ወለድ ከገጽ አንድ ጀምሮ ማንበብ አንዱ ነው። መማሪያ መጽሐፉን ክፈቱና በቀጥታ ስለ ሥራና ኢነርጂ፣ ስለ ስበት ወደሚያወራው ምዕራፍ ሂዱ፤ የማታውቁት ነገር ሲያጋጥም ወደ ኋላ ተመለሱ። ሌላው የተሠራን ምሳሌ በዓይን ተከትሎ «ገባኝ» ማለት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ቁጥሮቹን ለውጣችሁ ሥሩት። ማርስን ውሰዱ፤ በማርስ g = 3.7፣ ራዲየሱ 3.39 × 10⁶ ሜትር ነው። የማምለጫ ፍጥነቱ 5 ኪሎሜትር በሰከንድ አካባቢ ካልመጣላችሁ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። መማሪያ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ስለሆኑም ቃላቱ የሚያስቸግሩት አለ፤ ለእሱ ከደብተራችሁ ጀርባ ቃሉን፣ ምልክቱንና መለኪያውን በሦስት ዓምድ ጻፉ፤ ለዚህ ሥራ ከሃያ የማይበልጡ ቃላት ይበቃሉ።

ለብቻችሁ የምትሠሩት

ፀሐይ ብላክ ሆል እንድትሆን ራዲየሷ ስንት መሆን አለበት? እዚህ ፔንዱለም ማንጠልጠል አይቻልም፤ ስለዚህ መሬት ፀሐይን የምትዞርበትን ጊዜ ተጠቀሙ። በክብ መንገድ የሚዞር ነገር ወደ መሐል የሚፈልገው ሽምጠጣ 4π²d/T² ነው፤ ይህን ከ GM/d² ጋር አስተካክሉና M ን አውጡ። d = 1.5 × 10¹¹ ሜትር፣ T = አንድ ዓመት በሰከንድ፣ ማለትም 3.16 × 10⁷። መጠነ ቁሱ 2 × 10³⁰ ኪሎግራም፣ ራዲየሱ ደግሞ 3 ኪሎሜትር አካባቢ መምጣት አለበት። መጠነ ቁሱ ትክክል ሆኖ ራዲየሱ ከተሳሳተ c ን ስኩዌር ማድረጋችሁን አረጋግጡ፤ መጠነ ቁሱ ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ d ን ኩብ ማድረጋችሁን ተመልከቱ።